ዜሮ ያነበበው ቆጣሪ፦ የጋይገር ቱቦ ጨረር ሲበዛበት ለምን አሳንሶ ይቆጥራል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1958 ምሽት አሜሪካ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1ን ከኬፕ ካናቬራል አመጠቀች። ሳተላይቷ ከተሸከመቻቸው መሣሪያዎች ዋነኛው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ በጄምስ ቫን አለን የሚመራው ቡድን ያዘጋጀው የጋይገር ቆጣሪ ነበር። ሥራውም ከሩቅ ጠፈር ወደ ምድር የሚወርደውን ኮስሚክ ጨረር መቁጠር ነው። ሳተላይቷ በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስታልፍ ቆጣሪው ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት በሰከንድ 30 ያህል ምት ይልክ ነበር። በደቡብ አሜሪካ ሰማይ ላይ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስትወጣ ግን ምቱ ጠፋ። መሣሪያው ዜሮ አነበበ።

በመጀመሪያ ሲታይ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል። ችግሩ፣ ሳተላይቷ ተመልሳ ዝቅ ስትል ቆጣሪው ምንም እንዳልነካው ሁሉ በትክክል መቁጠሩን ይቀጥላል። ከፍታ ላይ እየሞተ ዝቅታ ላይ የሚነሣ ብልሽት ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ኮስሚክ ጨረርም ቢሆን ከከባቢ አየር እየራቁ በሄዱ ቁጥር ድንገት የሚጠፋበት ምክንያት አልነበረም። የእንቆቅልሹ መልስ የተገኘው በቱቦው ውስጥ ነው። መልሱን ለመረዳት አንዲት የጨረር ቅንጣት ወደ ቱቦው ስትገባ የሚሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ከአንድ ኤሌክትሮን ወደ ናዳ

የጋይገር ቱቦ አሠራሩ ቀላል ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ጋይገር በ1908 ከኧርነስት ራዘርፎርድ ጋር በማንችስተር የመጀመሪያውን ዓይነት ሠራ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1928፣ ከተማሪው ከዋልተር ሙለር ጋር በኪል ከተማ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው። ነገሩ የብረት ሲሊንደር ነው፤ በመካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ውስጡ እንደ አርጎን ወይም ኒዮን ባለ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር በቀላሉ በማይዋሃድ ጋዝ ይሞላል፤ የጋዙ ግፊትም ከውጪው አየር ግፊት ብዙውን ጊዜ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በሽቦውና በሲሊንደሩ መካከል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሰጣል። ሽቦው አዎንታዊ ሲሆን ግድግዳው አሉታዊ ነው።

በሰላሙ ጊዜ ጋዙ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቱቦው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንዲት የጨረር ቅንጣት ጋዙን ሰንጥቃ ስታልፍ ግን ከአንዳንድ አተሞች ላይ ኤሌክትሮን ትነጥቃለች። የተነጠቀው ኤሌክትሮን አሉታዊ ስለሆነ ወደ ሽቦው ይሳባል፤ ኤሌክትሮኑን ያጣው አተም አዎንታዊ አዮን ሆኖ ወደ ግድግዳው ጉዞ ይጀምራል። ጋማ ጨረር ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ በጋዙ ላይ አይደለም። የቱቦውን ግድግዳ መትቶ ከብረቱ ውስጥ ኤሌክትሮን ሲያስፈነጥር ነው። ብዙው ጋማ ግድግዳውንም ጋዙንም ሳይነካ ስለሚያልፍ፣ ተራ የጋይገር ቱቦ ከሚያቋርጡት መቶ የጋማ ጨረሮች የሚይዘው አንድ ወይም ጥቂት ብቻ ነው።

ሽቦው ቀጭን የሆነበት ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ መስክ በቀጭን ነገር ዙሪያ ይጠነክራል። ኤሌክትሮኑ ከሽቦው ሲርቅ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ወደ ሽቦው ሲጠጋ ግን ፍጥነቱ እጅግ ይጨምርና የሚገጥመውን አተም መትቶ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይባዛሉ። ከተራራ ጫፍ የተነቀለች አንዲት ድንጋይ ሌሎችን እያስከተለች እንደምትወርደው፣ ከአንድ ኤሌክትሮን የኤሌክትሮኖች ናዳ ይወለዳል።

ጋይገርን ከሌሎች ጋዝ የሞላባቸው መመርመሪያዎች የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ናዳው የነካቸው አተሞች አልትራቫዮሌት ብርሃን ይረጫሉ። ያ ብርሃን በቱቦው ውስጥ ተበትኖ በሌላ ቦታ ሌላ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፤ ያም የራሱን ናዳ ይቀሰቅሳል። በጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች፣ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር በናዳ ይሸፈናል። የተገኘው የኤሌክትሪክ ምት በጣም ትልቅ ስለሆነ ቀላል ሰርኪዩት ይበቃዋል፤ በድምፅ ማጉያ ሲያልፍም የታወቀውን የ«ጠቅ» ድምፅ ይሰጣል። ዋጋው ግን ይህ ነው፦ ቱቦው ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለሚፈነዳ ምቱ ሁሌም አንድ ዓይነት መጠን አለው። ደካማ ቅንጣት ገባችም ኃይለኛ፣ «ጠቅ» ያው «ጠቅ» ነው። የጋይገር ቆጣሪ ቅንጣቶችን ይቆጥራል እንጂ ጉልበታቸውን አይመዝንም።

ቱቦው የሚታወርበት ቅጽበት

ኤሌክትሮኖች ቀላል ስለሆኑ ወዲያው ሽቦው ላይ ደርሰው ያልቃሉ። ችግሩ ወደ ኋላ የሚቀሩት አዮኖች ናቸው። አዮን ከኤሌክትሮን በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይከብዳልና ወደ ግድግዳው የሚጓዘው በዝግታ ነው። ናዳው ባበቃበት ቅጽበት ሽቦው ዙሪያውን በአዎንታዊ አዮኖች ደመና ተከቧል። ሽቦው ራሱ አዎንታዊ ስለሆነ ይህ ደመና የሽቦውን መሳብ ያዳክመዋል። ናዳውን የሚያቆመውም እሱ ነው፤ መስኩ ከደከመ በኋላ አዲስ ኤሌክትሮን ቢመጣም ናዳ ለማስነሣት የሚበቃ ፍጥነት አያገኝም።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ቱቦ ዕውር ነው። ሁለተኛ ቅንጣት ብትገባ፣ ሦስተኛ ብትገባ፣ አይቆጥራትም። ይህ የዕውርነት ጊዜ በሙያው «ሙት ጊዜ» ይባላል። በተለመዱት ቱቦዎች ላይ ከ50 እስከ 200 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ደመናው እየራቀ ሲሄድ ሽቦው ኃይሉን ቀስ በቀስ ያገኛል። እስከዚያው የሚነሡት ምቶች ግን ትንንሽ ናቸው። ቱቦው ሙሉ ምት መስጠት የሚችለው አዮኖቹ ግድግዳው ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ይህ በሙት ጊዜውና በሙሉ ጤንነቱ መካከል ያለው የማገገሚያ ጊዜ ትንሽ ዝርዝር ቢመስልም፣ የኤክስፕሎረር እንቆቅልሽ መፍቻው እዚያ ውስጥ ነበር።

ደመናው ግድግዳው ላይ ሲደርስ ሌላ አደጋ አለ። አዮኖቹ ብረቱን ሲመቱ አዲስ ኤሌክትሮን ሊያስለቅቁና ናዳው እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ አንድ ቅንጣት ለዘላለም ሲቆጠር ይኖራል ማለት ነው። ይህን ለመከላከል በጋዙ ላይ ጥቂት ብሮሚን ወይም ክሎሪን ይጨመራል። የእነዚህ ሞለኪውሎች አዮኖች ግድግዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ኤሌክትሮን በማስለቀቅ ፋንታ ራሳቸውን በመሰነጣጠቅ ያልቃል። ኋላም ስንጣሪዎቹ ተመልሰው ይጣመራሉ። ቀደም ባለው ዘመን ለዚሁ ሥራ የአልኮል ተን ይጨመር ነበር። አልኮል ግን አንዴ ከተሰነጠቀ ስለማይመለስ የቱቦው ዕድሜ በቆጠረው ልክ ያጥር ነበር።

ስንት አመለጠን?

በሠርግ ድንኳን በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን እንግዶች ስም በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው እናስብ። አንገቱን ደፍቶ አንድ ስም እስኪጽፍ ድረስ በአጠገቡ የሚያልፈውን አያይም። እንግዶቹ አልፎ አልፎ ከመጡ የሚያመልጠው እዚህ ግባ አይባልም። ሙሽሮቹ ከነአጀባቸው ሲደርሱ ግን በሩ ይጨናነቃል፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የእንግዳው ብዛት ሳይሆን የጸሐፊው የእጅ ፍጥነት ይሆናል።

ጨረርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። ቅንጣቶች እንደ ሰዓት ምት በእኩል ልዩነት አይመጡም። በአማካይ ቁጥራቸው ጥቂት በሆነበት ጊዜ እንኳ ሁለቱ ተከታትለው ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ስህተቱ የሚጀምረው ቱቦው ጣሪያው ላይ ሲደርስ አይደለም፤ ገና ከመጀመሪያው ጥቂት በጥቂቱ አለ።

መጠኑን ማስላት አይከብድም። ሙት ጊዜው 100 ማይክሮ ሰከንድ የሆነ ቱቦ እንውሰድ። በአንድ ሰከንድ 1,000 ምት ቢያነብ፣ በዚያች ሰከንድ ውስጥ 1,000 ጊዜ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ታውሯል። ይህ ሲደመር አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ቱቦው በእውነት ሲመለከት የቆየው 0.9 ሰከንድ ብቻ ነው። 1,000ን ለ0.9 ስናካፍለው ትክክለኛው ቁጥር 1,111 መሆኑን እናገኛለን። በቀመር ሲጻፍ፦

n = m / (1 − mτ)

እዚህ ላይ m የተነበበው፣ n እውነተኛው የሰከንድ ቁጥር ሲሆን τ ደግሞ ሙት ጊዜው ነው። በዚሁ ቱቦ 100 ምት ቢነበብ እውነተኛው 101 ነው፤ ልዩነቱን ማንም አያስተውለውም። 5,000 ቢነበብ እውነተኛው 10,000 ይሆናል፤ ግማሹ አምልጧል። 9,000 ቢነበብ እውነተኛው 90,000 ነው። ከዚያ ወዲያ ጨረሩ የፈለገውን ያህል ቢጨምር ቆጣሪው 10,000ን አያልፍም። ወደዚህ ጣሪያ ሲጠጉ ቀመሩም አያድንም። ንባቡ ከ9,000 ወደ 9,100 ሲሄድ፣ የአንድ በመቶ ያህል ለውጥ ብቻ ነው፣ የሚሰላው እውነተኛ ቁጥር ግን ከ90,000 ወደ 101,000 ይዘላል። በሙት ጊዜው ላይ ያለች ትንሽ ስህተትም መልሱን ታናጋዋለች። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህሉ የጠፋበትን ንባብ በቀመር ከማረም ይልቅ ሌላ መሣሪያ መያዝን ይመርጣሉ።

ይህ ሁሉ ግን የጨዋውን ቱቦ ባሕርይ የሚገልጽ ነው፤ ያ ቱቦ ቢያንስ ጣሪያው ላይ ይቆማል። የከፋው ዓይነት ሲጨናነቅ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ሠርጉ ጸሐፊ እንመለስ። እያንዳንዱ የሚያልፍ እንግዳ ክንዱን እየገፋው ጽሕፈቱን እንደ አዲስ እንዲጀምር ቢያስገድደው፣ ሰው በበዛ ቁጥር አንድ ስም እንኳ አይጨርስም። ቱቦውም ደመናው ሳይበተን የምትገባ ቅንጣት ያልተቆጠረች ትንሽ ናዳ አስነሥታ ዕውርነቱን ከቀጠለችበት እንዲሁ ይሽመደመዳል። ለዚህ ዓይነቱ ቀመሩ ይህ ነው፦

m = n e^(−nτ)

በዚያው የ100 ማይክሮ ሰከንድ ሙት ጊዜ እውነተኛው ቁጥር 1,000 ሲሆን ንባቡ 905 ይሆናል። እውነተኛው 10,000 ሲደርስ ንባቡ 3,679 ላይ ወጥቶ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። በ30,000 ላይ 1,494 ብቻ ነው። በ70,000 ላይ ወደ 64 ይወርዳል። አደጋው እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፦ ይህን ቱቦ የያዘ ሰው 905 ቢያነብ እውነተኛው 1,000 ሊሆን ይችላል፤ ወደ 37,000 ገደማም ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ ብቻ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። እውነተኛ ቱቦዎች ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ባሕርያት መካከል ናቸው።

ከዋሽንግተን ሆቴል እስከ አዮዋ ቤተ ሙከራ

ኤክስፕሎረር 1 የድምፅ መቅጃ አልነበራትም፤ መረጃዋ የሚገኘው በምድር ጣቢያ ላይ ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር። ስለዚህ የአዮዋ ቡድን የያዘው የተቆራረጠ ወሬ ነው፤ እዚህ 30፣ እዚያ ዜሮ። በመካከሉ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1958 የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 3 ግን ሙሉ ዙሯን የሚመዘግብ ትንሽ የቴፕ መቅጃ ይዛ ነበር። ቫን አለን የመጀመሪያውን ቅጂ ተቀብሎ በዋሽንግተን በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ቁጥሮቹን በእጁ በግራፍ አሰፈረ።

ግራፉ የሚናገረው ቁልጭ ያለ ነበር። ሳተላይቷ ከፍ ስትል ንባቡ በፍጥነት እየጨመረ መቅጃው ሊይዝ የሚችለውን የሰከንድ 128 ምት አለፈ። ከዚያ ድንገት ዜሮ ሆነ። ዜሮ ሆኖ ከቆየ በኋላ ደግሞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ እንደገና ከ128 በላይ፣ ከዚያ ወደ ተለመደው። ጨረር የሌለበት ቦታ ከሁለቱም በኩል በከፍተኛ ጨረር ሊታጠር አይችልም ባይባልም፣ አጥብቆ ያጠራጥራል። የተሻለው ማብራሪያ ዜሮው የከፍታው ቀጣይ መሆኑ ነው።

ካርል ማክልዌን የተባለው የቡድኑ አባል ተመሳሳይ ቆጣሪ ወስዶ በአነስተኛ የኤክስሬይ ማሽን ፊት አስቀመጠው። የጨረሩን መጠን ከፍ ሲያደርገው ንባቡ ጨመረ፤ አሁንም ሲያከርረው ወረደ፤ በመጨረሻም ዜሮ ሆነ። ምክንያቱ ያ የማገገሚያ ጊዜ ነው። ቅንጣቶች በሰከንድ በአሥር ሺዎች ሲጎርፉ ቱቦው ለማገገም ፋታ አያገኝም፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የምታስነሣው ናዳ ሽባ ነው፤ ምቱም ሰርኪዩቱ «ይህ ምት ነው» ብሎ ከሚቀበለው ዝቅተኛ ልክ በታች ይወድቃል። ቱቦው ውስጥ ያለማቋረጥ ነበልባል አለ፤ ቆጣሪው ግን አንዲት ምት አይሰማም። በሜይ 1 ቀን 1958 ቫን አለን ምድር በመግነጢሳዊ መስኳ በተያዙ ቅንጣቶች የተከበበች መሆኗን ይፋ አደረገ። ዛሬ የቫን አለን የጨረር ቀበቶዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

አሳንሶ መቁጠሩ በምን ይታወቃል?

ከሁሉ ቀላሉ ፈተና ርቀት ነው። ከአንዲት ትንሽ የጨረር ምንጭ ያለውን ርቀት በግማሽ ስንቀንስ እውነተኛው ቁጥር በአራት እጥፍ መጨመር አለበት። በሦስት እጥፍ ብቻ ከጨመረ ቱቦው ማምለጥ ጀምሯል። ወደ ምንጩ ሲጠጉ ንባቡ ከቀነሰ ግን ሌላ ስሌት አያስፈልግም፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሙያተኞች ከፍተኛ ጨረር ወዳለበት ስፍራ መሣሪያቸውን ከሩቅ ከፍተው፣ ንባቡን እየተከታተሉ የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያው ደርሶ የከፈተ ሰው ንባቡ በየትኛው ተዳፋት ላይ እንዳለ አያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በ1986 በቼርኖቤል አደጋ የመጀመሪያ ሰዓታት ሠራተኞቹ እጅ የነበሩት መሣሪያዎች ከሰከንድ 1,000 ማይክሮ ሮንትገን በላይ አያነቡም ነበር፤ በሰዓት ሲሰላ ያ ዝነኛው 3.6 ሮንትገን ነው። ያ የመለኪያው ጫፍ ነው። ጫፍ ላይ የተሰካ መርፌ ቢያንስ «ከዚህ በላይ ነው» ይላል፤ የሚሰማ ካለ። የተሽመደመደ ቱቦ ግን ያንን እንኳ አይልም።

ሙት ጊዜውን ራሱን ለመለካት የተለመደው ዘዴ ሁለት ምንጮችን ይጠቀማል። የመጀመሪያው ምንጭ ብቻውን 2,000 ምት፣ ሁለተኛው ብቻውን 2,000 ምት በሰከንድ አስነበቡ እንበል። ቦታቸውን ሳይለቁ ሁለቱ አንድ ላይ ሲለኩ 4,000 ይጠበቃል፤ የተገኘው ግን 3,333 ነው። የጎደለው 667 የሙት ጊዜው አሻራ ነው። የመጀመሪያውን ቀመር ለሦስቱም ንባቦች ስንጠቀም፣ የሁለቱ እውነተኛ ቁጥሮች ድምር ከጋራው እውነተኛ ቁጥር ጋር እኩል የሚሆነው τ 100 ማይክሮ ሰከንድ ሲሆን ብቻ ነው፤ 2,500 ሲደመር 2,500፣ 5,000። የምንጮቹን እውነተኛ ጉልበት አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም፤ የዘዴው ውበት ይህ ነው። መጠንቀቅ የሚያሻው ምንጮቹ ሲነሡና ሲቀመጡ ቦታቸው እንዳይዛነፍ ነው።

መፍትሔውን በተመለከተ፣ አንዱ መንገድ ትንሽ ቱቦ ነው። ትንሽ ቱቦ ጥቂት ቅንጣት ስለሚያገኘው አይጨናነቅም፤ ሰፊ መለኪያ ያላቸው መሣሪያዎች ለዝቅተኛው ትልቅ፣ ለከፍተኛው ትንሽ ቱቦ የሚይዙት ለዚህ ነው። ሌላው ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ቱቦውን ማሳረፍ፣ ከዚያ ድንገት ከፍ አድርጎ የመጀመሪያዋ ምት እስክትመጣ የፈጀውን ጊዜ መለካት ነው። ከእያንዳንዷ ምት በኋላ ቱቦው ሙሉ ዕረፍት ስለሚያገኝ ሙት ጊዜው በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ የሚለካው ብዛት ሳይሆን የጥበቃው ርዝመት ነው፤ ጨረሩ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ያጥራል።

የአዮዋ ቡድን የመረጠው የፊተኛውን ዓይነት መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1958 የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 4 ለብርቱ ጨረር የተዘጋጁ ትንንሽ የጋይገር ቱቦዎችን ይዛ ወጣች፤ አንደኛው በእርሳስ የተሸፈነ ነበር። ከእነሱም ጋር ጋዝ የማይጠቀሙ፣ ጨረር ሲነካቸው ብልጭ በሚሉ ነገሮች የሚሠሩ ሁለት መመርመሪያዎች ተጨመሩ። ከስድስት ወር በፊት ዜሮ በተነበበበት ከፍታ ላይ በዚህ ጊዜ ቁጥር መጣ።